ሺር ዳያግራሙ ላይ የማይታየው ካፕል

እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ የምንሠራው አንድ ቢም ብቻ ነው። አንድ ቢም፣ ጫፉ ላይ አንድ ጭነት፣ መሃሉ ላይ አንድ ካፕል። ቀስ ብለን እንሠራዋለን።

መጀመሪያ ይህችን የፕላስቲክ ማስመሪያ እዩልኝ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት እርሳሶች አጋድሜ ከላያቸው አስቀምጫታለሁ። በግራ በኩል ጫፏ ልክ እርሳሱ ላይ ነው። በቀኝ በኩል ግን ከእርሳሱ አልፋ ወጥታለች። አሁን በሁለቱ እርሳሶች መካከል፣ ልክ መሃሏ ላይ፣ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ እይዛታለሁ። ከዚያ የሰዓት ዘንግ በሚዞርበት አቅጣጫ አጠማዝዛታለሁ። ወደ ታች አልተጫንኳትም፤ ወደ ላይም አላነሳኋትም። ማዞር ብቻ ነው።

አያችሁ? የግራ ጫፏ ከእርሳሱ ላይ ተነሳ። እስቲ ከፊት የተቀመጥከው፣ መጥተህ ያንን ጫፍ በጣትህ ያዝልኝ። ጎሽ። አሁን እንደገና ላዙራት። ከጎን ስታዩዋት የግራው ግማሽ ወደ ላይ ጎብጧል፤ የቀኙ ግማሽ ደግሞ ወደ ታች ረግቧል። ጉብጠቱ የተቀየረው ልክ ጣቴ ያለበት ቦታ ላይ ነው። ይህን ምስል አትርሱት። ዛሬ የምንስላቸው ሁለት ዳያግራሞች፣ የሺሩና የሞመንቱ፣ በሙሉ እዚህች ማስመሪያ ላይ አሉ።

ካፕል ማለት በመጠን እኩል፣ በአቅጣጫ ተቃራኒ የሆኑ፣ ግን በአንድ መስመር ላይ ያልዋሉ ሁለት ኃይሎች ናቸው። ሲደመሩ ዜሮ ይሆናሉ። ስለዚህ ቢሙን ወደ የትም አይገፉትም፤ ያዞሩታል እንጂ። ለምሳሌ ቢሙ ላይ የተበየደ ማያያዣ አለ እንበል። በግራ ጠርዙ 120 ኪሎ ኒውተን ወደ ላይ ይስባል፤ በቀኝ ጠርዙ ደግሞ 120 ኪሎ ኒውተን ወደ ታች ይጫናል። በመካከላቸው ያለው ርቀት 0.2 ሜትር ነው። 120 በ0.2 ሲባዛ 24 ይመጣል። ይህ በሰዓት አቅጣጫ የሚዞር 24 ኪሎ ኒውተን ሜትር ካፕል ነው። ይህን ማያያዣ በኋላ ስለምንመለስበት ቁጥሩን ያዙልኝ።

አሁን ቢሙን ልስለው። በግራ ጫፍ ነጥብ ሀ፣ ፒን ሳፖርት። ከሀ 3 ሜትር ርቆ ነጥብ ለ፣ ካፕሉ ያለበት። ከሀ 6 ሜትር ላይ ነጥብ ሐ፣ ሮለር ሳፖርት። ከሐ 2 ሜትር አልፎ ደግሞ ነጥብ መ፣ ነፃው ጫፍ። መ ላይ 6 ኪሎ ኒውተን ወደ ታች ተንጠልጥሏል። የቢሙን የራሱን ክብደት ለዛሬ እንተወዋለን፤ የካፕሉን ሥራ እንዳይሸፍንብን ነው።

ከሪአክሽን፣ ማለትም ሳፖርቶቹ ቢሙን ከሚይዙበት ኃይል እንጀምር። ሀ ላይ ሞመንት እንደምር። በሰዓት አቅጣጫ የሚያዞሩት ሁለት ናቸው፤ ካፕሉ 24፣ የጫፉ ጭነት ደግሞ 6 በ8፣ ማለትም 48። በተቃራኒው የሚያዞረው የሐ ሪአክሽን ነው፤ ርቀቱ 6 ሜትር።

```
24 + 6(8) - R_C(6) = 0
R_C = 12 kN
R_A = 6 - 12 = -6 kN
```

ፎርሙላው ውስጥ R_A የሀ፣ R_C የሐ ሪአክሽን ነው። ሐ 12 ኪሎ ኒውተን ወደ ላይ ይገፋል። ሀ ግን ኔጌቲቭ 6 ወጣ። ኔጌቲቭ ሲወጣ ደንግጠው የሚሰርዙ ተማሪዎች አሉ። አትሰርዙት። ቅድም የማስመሪያዋን ጫፍ በጣት ይዘን አልነበር? ይኸው ነው። ሀ ቢሙን ወደ ታች ጎትቶ መያዝ አለበት። ሀ ላይ ቢሙ እንዲሁ በክብደቱ ብቻ የተቀመጠ ቢሆን ኖሮ ይነሳ ነበር። ስለዚህ ይህ ኔጌቲቭ ምልክት በተግባር አንድ ነገር ያዛል፤ እዚያ ቦታ ላይ የሚይዝ ብሎን ያስፈልጋል።

እዚህች ላይ ልቆይ፤ አብዛኛው ስህተት የሚጀምረው ከዚህ ነው። ካፕሉ ወደ እኩልታው የገባው 24 ሆኖ ነው። በ3 ሜትር አልተባዛም። ካፕል ከየትኛውም ነጥብ ብትለኩት የማዞር አቅሙ አንድ ነው። ማያያዣውን እንመልከት። ከሀ እስከ ማያያዣው ግራ ጠርዝ 2.9 ሜትር፣ እስከ ቀኝ ጠርዙ 3.1 ሜትር ነው። ቀኙ 120 በ3.1 ያዞራል፤ 372 ነው። ግራው በተቃራኒ 120 በ2.9 ያዞራል፤ 348 ነው። ልዩነታቸው 24። ማያያዣውን 1 ሜትር ላይ ብታደርጉትም ልዩነቱ ያው 24 ነው። ርቀቱ ካፕሉ ውስጥ አንዴ ገብቶ ተባዝቷል፤ ሁለተኛ አይባዛም።

ወደ ሺር ዳያግራሙ እንሂድ። ሺር ማለት ቢሙን አንድ ቦታ ላይ ብንቆርጠው አንዱን ወገን ከሌላው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሊያንሸራትት የሚሞክረው ኃይል ነው። ይህ ፈጣን ነው። ከግራ እጀምራለሁ፤ ወደ ላይ የሚገፋ ኃይል ሲያጋጥመኝ እወጣለሁ፣ ወደ ታች ሲያጋጥመኝ እወርዳለሁ። ሀ ላይ 6 እወርዳለሁ፤ ኔጌቲቭ 6። ከዚያ ጠፍጣፋ መስመር። ለ ላይ ደረስኩ፤ እዚያ ያለው ካፕል ነው። ድምር ኃይሉ ዜሮ ስለሆነ አልወጣም፣ አልወርድም። መስመሩ እንዳለ ያልፋል። ሐ ላይ 12 እወጣለሁ፤ ፖዘቲቭ 6 ደረስኩ። ጠፍጣፋ ሆኜ እስከ መ እሄዳለሁ፤ እዚያ 6 ወርጄ ዜሮ ላይ አርፋለሁ። ተዘጋ።

ለ ላይ ምንም ምልክት የለም ማለት ግን ካፕሉ ሺሩን አልነካም ማለት አይደለም። ካፕሉን ብታነሱት የሀ ሪአክሽን ኔጌቲቭ 2፣ የሐ ደግሞ 8 ይሆን ነበር። ከሀ እስከ ሐ ያለው ሺር ኔጌቲቭ 2 ነበር ማለት ነው። ካፕሉ መጣና ያንን መስመር በሙሉ በ4 ዝቅ አደረገው። 4ቱ ከየት መጣ? 24 በ6 ሜትር ሲካፈል ነው። ካፕሉ የገባው በሳፖርቶቹ በኩል ነው፤ ከሀ እስከ ሐ ያለውን ሁሉ በእኩል ነክቶ፣ ራሱ የቆመበት ቦታ ላይ ግን አሻራ አልተወም።

አሁን ሞመንት፣ ቢሙን ውስጡ ሆኖ የሚያጎብጠው። ቢሙ ወደ ታች ሲረግብ ሞመንቱን ፖዘቲቭ፣ ወደ ላይ ሲጎብጥ ኔጌቲቭ እለዋለሁ። ፖዘቲቩን ከመስመሩ በላይ እስላለሁ። አርማታ የሚሠሩ ብዙ መሐንዲሶች ሞመንቱን በሚለጠጠው ወገን ይስሉታል፤ ያኔ ሥዕሉ ይገለበጣል። ሁለቱም ትክክል ነው። አንዱን መርጣችሁ ወረቀቱ ላይ ጻፉት፤ ከዚያ መሃል ላይ አትቀይሩ።

ሀ ፒን ስለሆነ ሞመንቱ ዜሮ ነው። ከዚያ ሺሩ ኔጌቲቭ 6 ስለሆነ በየሜትሩ 6 እንወርዳለን። 3 ሜትር ላይ፣ ከካፕሉ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ኔጌቲቭ 18 ደረስን። አሁን ካፕሉ ላይ ነን። መስመሩ እዚህ ይዘላል። በ24 ወደ ላይ። ከኔጌቲቭ 18 ተነስቶ ፖዘቲቭ 6 ላይ ያርፋል። ከዚያ ሺሩ ያው ኔጌቲቭ 6 ስለሆነ እንደገና በየሜትሩ 6 እንወርዳለን። 4 ሜትር ላይ ዜሮን እንቆርጣለን። ሐ ላይ ስንደርስ ኔጌቲቭ 12 ነን። ከሐ በኋላ ሺሩ ፖዘቲቭ 6 ነው፤ 2 ሜትር ወጥተን መ ላይ ዜሮ ላይ እናርፋለን።

```
M = -6x              0 < x < 3
M = -6x + 24         3 < x < 6
M = -6(8 - x)        6 < x < 8
```

የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስመሮች አስተያዩአቸው። x ያለበት ክፍል አንድ ነው። ስለዚህ ከዝላዩ በፊትና በኋላ ያሉት መስመሮች ትይዩ መሆን አለባቸው። ፈተና ሳርም መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው። ተማሪው ዝላዩን በትክክል አድርጎ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን መስመር ግን ዓይኑ እንዳመቸው ወደ ሐ ይስበዋል። ሁለቱ መስመሮች ትይዩ ካልሆኑ ሺሩ ለ ላይ ተቀይሯል ማለት ነው፤ ሺር ዳያግራሙ ደግሞ አልተቀየረም ይላል። ሁለቱ ሥዕሎች ተጋጩ።

ዝላዩ ለምን ወደ ላይ ሆነ? ይህን በቃል አታጥኑት፤ ይምታታባችኋል። በየጊዜው ማውጣት ይሻላል። ለ ላይ ከቢሙ አንድ ቀጭን ቁራጭ ቆርጣችሁ አውጡ። ግራ ፊቱ ላይ ከካፕሉ በፊት ያለው ሞመንት አለ። ፖዘቲቭ ከሆነ ቁራጩን በሰዓት አቅጣጫ ያዞረዋል። ቀኝ ፊቱ ላይ ያለው ፖዘቲቭ ሞመንት ደግሞ በተቃራኒ ያዞረዋል። ቁራጩ በጣም ቀጭን ስለሆነ ሺሩ ሞመንት የሚፈጥርበት ርቀት የለውም። በሰዓት አቅጣጫ የሚዞረውን ካፕል ጨምሩበት። ቁራጩ እንዳይዞር ቀኙ ፊት ግራውንና ካፕሉን አንድ ላይ መመከት አለበት። ቀኙ ከግራው በ24 ይበልጣል። ዝላዩ ይኸው ነው። በሰዓት አቅጣጫ ከሆነ ወደ ላይ፣ በተቃራኒ ከሆነ ወደ ታች። ይህ የሚሠራው ከግራ ወደ ቀኝ ስትሄዱና ረገብታን ፖዘቲቭ ስትሉ ነው።

ባለፈው አንዲት ተማሪ ጥሩ ጥያቄ ጠይቃኝ ነበር። «የሞመንት ለውጥ ከሺር ዳያግራሙ ስፋት ጋር እኩል ነው ተብለናል። ለ ላይ ሺሩ ያው ነው፤ ስፋትም የለም። ታዲያ 24ቱ ከየት መጣ?» አለችኝ። በጣም ደስ አለኝ። መልሱ ያቺ ማያያዣ ውስጥ ነው።

ካፕሉን ነጥብ አድርገን መሳል አቁመን ማያያዣውን በልኩ እንሳለው። 2.9 ሜትር ላይ 120 ወደ ላይ፣ 3.1 ሜትር ላይ 120 ወደ ታች። አሁን ሺሩን እንሂድበት። ከኔጌቲቭ 6 ተነስተን 2.9 ላይ ወደ ፖዘቲቭ 114 እንወጣለን። ለ20 ሳንቲ ሜትር እዚያው እንቆያለን። 3.1 ላይ ተመልሰን ኔጌቲቭ 6 እንገባለን። ሺር ዳያግራሙ ላይ ረጅም ቀጭን ግንብ በቀለ ማለት ነው። ሞመንቱ ደግሞ 2.9 ላይ ኔጌቲቭ 17.4 ነበር። 114 በ0.2 ሲባዛ 22.8 ይሆናል፤ 3.1 ላይ ፖዘቲቭ 5.4 ይደርሳል። በነጥብ ካፕሉ የሠራነው መስመርም 3.1 ላይ ልክ 5.4 ነው። ከማያያዣው ውጭ ምንም ልዩነት የለም።

ስለዚህ ዝላይ ያልነው በእውነቱ በጣም ቀጥ ያለ አቀበት ነው። 24ቱ ስፋት አለው፤ የዚያ የተደበቀ ግንብ ስፋት ነው። 120 በ0.2። ማያያዣውን ባጠበባችሁ ቁጥር ግንቡ ይረዝማል፣ ይቀጥናል፤ ስፋቱ ግን 24 ሆኖ ይቀራል። ነጥብ ካፕል ስንል ግንቡን ከሥዕሉ አወጣነው፤ ዝላዩን ግን አስቀረነው።

ይህ የሒሳብ ውበት ብቻ አይደለም። ካፕሉ የሚመጣው በእንዲህ ዓይነት ቀጥ ያሉ ኃይሎች ከሆነ፣ የቢሙ ወገብ በእነዚያ 20 ሳንቲ ሜትሮች ውስጥ 114 ኪሎ ኒውተን ሺር ይሸከማል። ሺር ዳያግራማችሁ ግን 6 ብቻ ይላል። 6ን አምናችሁ ወገቡን ብታሳሱት ማያያዣው ሥር ይበላሻል። የነጥብ ካፕል ሥዕል ለጠቅላላው ቢም ነው። ካፕሉ ቢሙን የሚነካበትን ቦታ ለብቻ መመርመር ግድ ነው። እዚያ የሚወስነው ማያያዣው ምን ያህል ሰፊ እንደሆነና እንዴት እንደተያያዘ ነው።

አሁን ስህተት እንዴት እንደሚታወቅ ልንገራችሁ። እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ በአንድ ፈተና ላይ ካፕሉን በርቀቱ አባዝቼዋለሁ። 24 በ3፣ 72 ብዬ። በዛሬው ቢም ያንን ስህተት ብንሠራ የሐ ሪአክሽን 20፣ የሀ ደግሞ ኔጌቲቭ 14 ይወጣል። ሺሩን ስሉት። ኔጌቲቭ 14፣ 20 ሲወጣ ፖዘቲቭ 6፣ ከዚያ 6 ሲወርድ ዜሮ። ተዘጋ! እኔም ያኔ ሺሩ ስለተዘጋልኝ ሥራዬ ትክክል መሰለኝ። የሺር መዘጋት የሚያረጋግጠው ኃይሎቹ ሲደመሩ ዜሮ መሆናቸውን ብቻ ነው። ሞመንት እኩልታው ተበላሽቶም ሺሩ ይዘጋል፤ ምክንያቱም አንዱን ሪአክሽን ያወጣነው ከሌላው ቀንሰን ነው።

ሞመንቱ ግን አይዋሽም። በዚያ ስህተት ለ ላይ ኔጌቲቭ 42 እንደርሳለን። 24 ዘለን ኔጌቲቭ 18። ሐ ላይ ኔጌቲቭ 60። መ ላይ ኔጌቲቭ 48። ነፃ ጫፍ ላይ የሚይዝ ነገር ሳይኖር 48 ሞመንት ሊኖር አይችልም። 48ቱ ደግሞ በዘፈቀደ የመጣ ቁጥር አይደለም፤ 72 ሲቀነስ 24 ነው፣ በስህተት የጨመርነው ትርፍ።

ሌላው የተለመደ ስህተት ዝላዩን ወደ ታች ማድረግ ነው። ሪአክሽኑ ትክክል ሆኖ ዝላዩ ቢገለበጥ ከኔጌቲቭ 18 ወደ ኔጌቲቭ 42፣ ሐ ላይ ኔጌቲቭ 60፣ መ ላይ እንደገና ኔጌቲቭ 48። አዎ፣ በዚህ ቢም ሁለቱ ስህተቶች አንድ ቁጥር ይሰጣሉ። የተገለበጠ ዝላይ ሁልጊዜ የካፕሉን እጥፍ ያጎድላል፤ እዚህ 24 ሁለቴ 48 ነው። የ3 ሜትሩ ማባዛትም እንዳጋጣሚ ሁለት እጥፍ ትርፍ አመጣ። ለመለየት የሀን ሪአክሽን እዩ። ኔጌቲቭ 6 ካልሆነ ስህተቱ ከእኩልታው ነው፤ ኔጌቲቭ 6 ከሆነ ከዝላዩ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የምወደው መመርመሪያ ግን ከቀኝ ጀምሮ ሐን መፈተሽ ነው። ከሐ ወዲያ ያለው ቁራጭ ለብቻው የወጣ ነው። 6 ኪሎ ኒውተን በ2 ሜትር፣ ኔጌቲቭ 12። ካፕሉም፣ ሀም፣ ሪአክሽንም አያገባውም። ካፕሉ የፈለገውን ያህል ቢሆን ሐ ላይ ኔጌቲቭ 12 ነው። ከግራ መጥታችሁ ሐ ላይ ይህን ቁጥር ካጣችሁ፣ ወደ መ ለመሄድ አትድከሙ። ተመለሱ።

ለሁለት ከፍሎ ማየትም ይረዳል። የጫፉ ጭነት ብቻውን ለ ላይ ኔጌቲቭ 6 ይሰጣል። ካፕሉ ብቻውን መሃል ላይ ስለሆነ ከግራው ኔጌቲቭ 12፣ ከቀኙ ፖዘቲቭ 12 ይሰጣል፤ ራሱን እኩል ለሁለት ከፍሎ። ደምሯቸው። ግራ ኔጌቲቭ 18፣ ቀኝ ፖዘቲቭ 6። ካፕሉ 1 ሜትር ላይ ቢሆን ሪአክሽኖቹና ሺሩ ምንም አይለወጡም ነበር። ሞመንቱ ግን ከኔጌቲቭ 6 ወደ ፖዘቲቭ 18 ይዘል ነበር። የካፕሉን ቦታ የሚያውቀው ሞመንት ዳያግራሙ ብቻ ነው።

በመጨረሻ ካፕሉን እንገልብጠው። በሰዓት ተቃራኒ ይዙር። የሀ ሪአክሽን ፖዘቲቭ 2፣ የሐ 4 ይሆናል። ሞመንቱ ለ ላይ ፖዘቲቭ 6 ደርሶ በ24 ወደ ታች ይዘላል፤ ኔጌቲቭ 18። ሐ ላይ ያው ኔጌቲቭ 12። ቁጥሮቹ ያው 18ና 6 ናቸው፤ ቦታ ብቻ ተለዋወጡ። ቢሙ የአርማታ ከሆነ ኔጌቲቭ ሞመንት ከላይ፣ ፖዘቲቭ ሞመንት ከታች ፌሮ ይፈልጋል። ካፕሉ ሁልጊዜ በሰዓት አቅጣጫ ከሆነ ከለ በስተግራ ዋናው ፌሮ ከላይ ነው፤ ከለ እስከ 4 ሜትር ድረስ ከታች፤ ከዚያ ወዲያ እንደገና ከላይ። ካፕሉ በሁለቱም አቅጣጫ ሊዞር የሚችል ከሆነ ግን ሁለቱን ዳያግራሞች በአንድ ወረቀት ላይ ደርባችሁ ሳሏቸው። ከለ በግራም በቀኝም ላዩ ለ18፣ ታቹ ለ6 ይዘጋጃል። ሀ ላይ ያለው ብሎን ደግሞ 6 ኪሎ ኒውተን ወደ ታች ይዞ መቆየት አለበት፤ ካፕሉ ሲገለበጥ 2 ኪሎ ኒውተን ወደ ላይ የሚገፋው ሀ መሆኑ ከዚያ ግዴታ ነፃ አያደርገውም።